ምዕራፍ 7፦ ትራንዚስተር እንደ ማብሪያና ማጥፊያ፣ የቤዙም ሬዚስተር

እንቁላል የሚፈለፈልበትን አነስተኛ ሳጥን እንውሰድ። ውስጡ ያለው ሙቀት 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። ከዚያ ሲወርድ አምፖሉ ይበራል፣ ሲደርስ ይጠፋል። ሙቀቱን የሚያነብበውና ትእዛዝ የሚሰጠው በአርዱዊኖ ሰሌዳ ላይ የሚገኘው ዓይነት ማይክሮኮንትሮለር ነው። በ220 ቮልት የሚሠራውን አምፖል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ደግሞ ሪሌ ነው። ሪሌው በውስጡ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለው፤ በሽቦው ከረንት ሲያልፍ ማግኔት ይሆንና የብረት ምላሱን ስቦ መስመሩን ያገናኛል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ሽቦ ነው። በ5 ቮልት የሚሠራ የተለመደ ሪሌ ጥቅል ሽቦው 70 ኦም ያህል ነው፤ 5ን ለ70 ብናካፍል 71 ሚሊአምፒር ይመጣል። የአርዱዊኖው ቺፕ አንድ ፒን ግን ሳይጨነቅ የሚሰጠው 20 ሚሊአምፒር ሲሆን፣ አምራቹ ፈጽሞ እንዳይታለፍ ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ነው። ስለዚህ ትእዛዝ የሚሰጠው ፒን ትእዛዙን ለማስፈጸም አቅም የለውም። በሁለቱ መካከል የሚገባው ትራንዚስተር ነው፤ በፒኑ ትንሽ ከረንት እየታዘዘ የሪሌውን ትልቅ ከረንት ያሳልፋል። በዚህ ምዕራፍ የምንጠቀመው 2N2222 የሚባለውን፣ በየኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቁ የማይጠፋውን ትራንዚስተር ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። የሪሌው ሽቦ አንዱ ጫፍ ከ5 ቮልቱ ጋር፣ ሌላው ጫፍ ከትራንዚስተሩ ኮሌክተር ጋር ይታሰራል። ኤሚተሩ ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ቤዙ ከፒኑ ጋር ይገናኛል፤ ግን በቀጥታ ሳይሆን በመካከል አንድ ሬዚስተር ገብቶበት ነው። ጀማሪዎች አዘውትረው የሚዘሉት ይህን ሬዚስተር ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ የሚነገራቸውም አብዛኛውን ጊዜ «ትራንዚስተሩ እንዳይቃጠል» በሚል አንድ ሐረግ ብቻ ነው። አባባሉ ስሕተት የለበትም፤ ዋናውን ነገር ግን አይነካም። የሬዚስተሩን ሥራ ለመረዳት ትራንዚስተሩ ውስጥ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል።

2N2222 ኤንፒኤን የሚባለው ዓይነት ነው። ሦስት የሲሊከን ንብርብሮች ተነባብረዋል፤ ሁለቱ የዳር ንብርብሮች ነጻ ኤሌክትሮን የበዛባቸው ሲሆኑ፣ በመካከል ያለው ቤዝ በተቃራኒው የኤሌክትሮን ጉድለት፣ ማለትም «ቀዳዳ» ያለበት ነው። ቤዙ እጅግ ስስ ተደርጎ ይሠራል። ኤሚተሩ ደግሞ ከሁሉም በላይ በኤሌክትሮን የተሞላ ነው።

ቤዙ ላይ ምንም ቮልቴጅ ከሌለ በኤሚተርና በቤዝ ድንበር ላይ የተፈጠረው የኤሌክትሪክ ግድብ ኤሌክትሮኖቹን ያግዳቸዋል። ኮሌክተሩ 5 ቮልት ይዞ ቢጠብቅም የሚያልፍ የለም፤ ማብሪያው ጠፍቷል። ቤዙን ከኤሚተሩ በ0.6 ወይም በ0.7 ቮልት ከፍ ስናደርገው ግድቡ ዝቅ ይልና ኤሌክትሮኖች ከኤሚተሩ ወደ ቤዙ ይጎርፋሉ። እዚያ ሲደርሱ ግን ቤዙ በጣም ስስ ስለሆነ አብዛኞቹ ከቀዳዳ ጋር ሳይገናኙ ተሻግረው ኮሌክተሩ ጋ ይደርሳሉ፤ ኮሌክተሩም በቮልቴጁ ስቦ ይወስዳቸዋል። ከመቶ አንድ ያህል የሚሆነው ግን በቤዙ እግር በኩል መተካት የሚያስፈልገው ኪሳራ ነው። አንዳንዱ ኤሌክትሮን በመንገድ ከቀዳዳ ጋር ተገናኝቶ ይጠፋል፤ አንዳንድ ቀዳዳም ወደ ኋላ ወደ ኤሚተሩ ያመልጣል። ይህ ኪሳራ ነው የቤዝ ከረንት የምንለው። ኪሳራውን ካልተካን ፍሰቱ ይቆማል፤ ከተካን ደግሞ ከኪሳራው መቶ እጥፍ የሚሆን ከረንት በኮሌክተሩ ያልፋል።

«መቶ እጥፍ» ያልነው ቁጥር የትራንዚስተሩ ማጉያ ነው፤ በተለምዶ ቤታ ይባላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤታ ትራንዚስተሩ ላይ ታትሞ የሚሸጥ የተረጋገጠ ቁጥር አይደለም። የ2N2222 አምራቾች በ150 ሚሊአምፒር ላይ ከ100 እስከ 300 መካከል እንደሚሆን ብቻ ነው ዋስትና የሚሰጡት። ከአንድ ፓኬት የወጡ ሁለት ትራንዚስተሮች አንዱ 120፣ ሌላው 250 ሊሆን ይችላል። ያው አንዱ ትራንዚስተር ራሱ ሲቀዘቅዝ ቤታው ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል። የሚያልፈው ከረንት ሲበዛም እንደገና ይለወጣል። እንግዲህ በቤታ ላይ የተመሠረተ ማብሪያ በማናውቀው ቁጥር ላይ የተመሠረተ ማብሪያ ነው።

ደግነቱ ማብሪያና ማጥፊያ ለመሥራት ቤታን በትክክል ማወቅ አያስፈልግም፤ ከበቂ በላይ መስጠት ይበቃል። የሪሌውን ሽቦ እናስታውስ። ሽቦው 70 ኦም፣ ምንጩ 5 ቮልት ስለሆነ ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ቢከፈትም ከ71 ሚሊአምፒር በላይ ሊያልፍ አይችልም። ቤዙ ላይ 1 ሚሊአምፒር ሰጥተን ቤታው 100 ከሆነ ትራንዚስተሩ 100 ሚሊአምፒር ለማሳለፍ ዝግጁ ነው፤ ሽቦው ግን 71 ላይ ያቆመዋል። ቤዙ ላይ 7 ሚሊአምፒር ብንሰጥ ደግሞ ዝግጁነቱ 700 ይሆናል፤ የሚያልፈው ግን አሁንም 70 ገደማ ነው። ትራንዚስተሩ ከሚጠየቀው በላይ ሲዘጋጅ ሳቹሬሽን ውስጥ ገባ እንላለን። በዚያ ጊዜ በኮሌክተሩና በኤሚተሩ መካከል የሚቀረው ቮልቴጅ 0.2 ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ቀሪው 4.8 ቮልት በሙሉ ለሪሌው ይደርሳል።

ይህ 0.2 ቮልት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ትራንዚስተሩ ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል በላዩ ያለው ቮልቴጅ በሚያልፍበት ከረንት ተባዝቶ ነው፤ 0.2 ቮልት በ70 ሚሊአምፒር 14 ሚሊዋት ብቻ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ሲዘጋም ከረንት ስለሌለ ሙቀት የለም። ትራንዚስተር የሚግለው በመካከል፣ ግማሽ ክፍት ሆኖ ሲቀር ነው። ማብሪያ ስንሠራ የምንሸሸው ይህን መካከለኛ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ቤዙ እንመለስ። ቤዝና ኤሚተር አንድ ላይ ሲታዩ ዳዮድ ናቸው። ዳዮድ ደግሞ እንደ ሬዚስተር ቮልቴጁ በእጥፍ ሲጨምር ከረንቱ በእጥፍ የሚጨምርለት ዕቃ አይደለም። በተራ የክፍል ሙቀት በዳዮድ ላይ 0.06 ቮልት ብቻ ስንጨምር ከረንቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። በግምት በ0.60 ቮልት ላይ 0.1 ሚሊአምፒር የሚያሳልፍ ቤዝ በ0.66 ላይ 1፣ በ0.72 ላይ 10 ሚሊአምፒር ያሳልፋል። እስከ 0.5 ቮልት ምንም የሌለ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ከ0.7 በላይ ደግሞ ከረንቱ ሽቅብ ይተኮሳል። ቤዙ ላይ በተግባር ከ0.7 ወይም ከ0.8 ቮልት ብዙ የሚርቅ ነገር የማናገኘውም ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ ለመግፋት የሚሞክር ምንጭ ወይ ይሸነፋል፣ ወይ ቤዙን ያቃጥላል።

ፒኑን በቀጥታ ከቤዙ ጋር ብናስረው የሚሆነውም ይኸው ነው። ፒኑ 5 ቮልት ማውጣት ይፈልጋል፤ ቤዙ ግን 0.8 አካባቢ ካልሆነ አይቀበልም። የሁለቱ ልዩነት ከ4 ቮልት በላይ ነው፤ ይህ ቮልቴጅ የግድ የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። በመካከል ሬዚስተር ስለሌለ የሚያርፈው ቺፑ ውስጥ ባለችው፣ ፒኑን በምታንቀሳቅሰው ጥቃቅን ትራንዚስተር ላይ ነው። የዚያች ውስጣዊ ተቃውሞ ጥቂት አሥሮች ኦም ብቻ ስለሆነ የሚያልፈው ከረንት 40 ሚሊአምፒር ከሚለው ጣሪያ በእጅጉ ይበልጣል።

ነገሩን አሳሳች የሚያደርገው ግን ሪሌው በዚህ አያያዝም መሥራቱ ነው። ጠቅ ይላል፣ አምፖሉ ይበራል። ቺፑ በዚያች ደቂቃ ላይሞት ይችላል፤ ሳምንት ወይም ወር ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው ሬዚስተሩን ትቶ «ያለሱም ይሠራል» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። የሚሠራው ግን ፒኑ ያለ መጠን እየተጫነ ነው። አንድ ቀን ያ ፒን ትእዛዝ መስጠት ያቆማል፤ ወይም በርቶ ይቀርና ሳጥኑ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች ሙቀት ይገድላቸዋል። ከፒን ይልቅ ከኃይል ምንጩ በቀጥታ 5 ቮልት ቤዙ ላይ የሚያስር ሰው ደግሞ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ምንጩ የሚሸነፍ ስላልሆነ የሚሄደው ቤዙ ነው።

ታዲያ ሬዚስተሩን ትተን ቤዙ ላይ ልክ 0.7 ቮልት ብንሰጠውስ? የሚገባ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሬዚስተሩን እውነተኛ ሥራ ይገልጠዋል። ከላይ እንዳየነው 0.06 ቮልት ስንሳሳት ከረንቱ አሥር እጥፍ ይለወጣል። ከአንዱ ትራንዚስተር ወደ ሌላው ያለው ልዩነት በራሱ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊቮልት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ሙቀት አለ። ትራንዚስተሩ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ያንኑ ከረንት ለማሳለፍ የሚፈልገው ቮልቴጅ በ2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። ቮልቴጁን አጥብቀን ብንይዝበት ሙቀቱ ከረንቱን ያበዛል፣ የበዛው ከረንት ይበልጥ ያሞቀዋል፣ ያም እንደገና ከረንቱን ያበዛል። ስለዚህ ቤዝን በቮልቴጅ መቆጣጠር አስተማማኝ አይሆንም። መቆጣጠር የሚቻለው በከረንት ነው።

ሬዚስተሩ የሚያደርገው ይህንን ነው። ፒኑ የሚሰጠውን ቋሚ ቮልቴጅ ወደ ቋሚ ከረንት ይለውጠዋል። ከ5ቱ ቮልት 0.7ቱን ቤዙ ይወስዳል፤ 4.3ቱ ሬዚስተሩ ላይ ያርፋል። ሬዚስተሩ 560 ኦም ቢሆን የሚያልፈው 7.7 ሚሊአምፒር ነው። ትራንዚስተሩን በሌላ ብንተካው፣ ወይም ሞቆ ቤዙ 0.65 ቢሆን፣ ወይም ቀዝቅዞ 0.75 ቢደርስ ከረንቱ ከ7.6 እስከ 7.8 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይቆያል። ያ 0.1 ቮልት ልዩነት ያለ ሬዚስተር ከረንቱን ከአርባ እጥፍ በላይ ይለውጠው ነበር። ሬዚስተሩ ከገባ በኋላ ግን የቤዙን ከረንት የሚወስነው በገንዘባችን የገዛነው፣ መጠኑ በቀለም መስመር የተጻፈበት ሬዚስተር ነው፤ የትራንዚስተሩ ጠባይ ድምፅ የለውም ለማለት ይቻላል። ቺፑንና ቤዙን ከመቃጠል ማዳኑ የዚሁ ሥራ ውጤት ነው።

560 ኦምን ከየት አመጣነው? የሪሌው ከረንት 70 ሚሊአምፒር ነው። ትራንዚስተሩ ያለ ጥርጥር ሳቹሬሽን ውስጥ እንዲገባ የዚህን አንድ አሥረኛ ለቤዙ እንሰጣለን። አሥር የሚለው ቁጥር በዘፈቀደ አልመጣም። አምራቾቹ ራሳቸው የ2N2222ን የሳቹሬሽን ቮልቴጅ ለክተው መረጃ ወረቀቱ ላይ ሲጽፉ ለ150 ሚሊአምፒር ኮሌክተር 15 ሚሊአምፒር ቤዝ ሰጥተው ነው። በዚያ ሁኔታ የጻፉትን ውጤት ማግኘት የምንፈልግ ከሆነ እነሱ የሰጡትን ያህል መስጠት አለብን። ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦

```
Ib = 70 mA / 10 = 7 mA
R  = (5 V - 0.7 V) / 0.007 A = 614 ohm
```

614 ኦም የሚባል ሬዚስተር ሱቅ ውስጥ የለም። ከዚያ በታች ያለውን ቅርብ መጠን፣ 560ን እንመርጣለን። 7.7 ሚሊአምፒር ከ20 በእጅጉ ስለሚያንስ ፒኑ አይጨነቅም፤ ሬዚስተሩ ላይ የሚባክነው ኃይልም 33 ሚሊዋት ገደማ ስለሆነ የተለመደው ሩብ ዋት ሬዚስተር ይበቃል። 1 ኪሎኦም ብናስገባም 4.3 ሚሊአምፒር እናገኛለን፤ ለዚህ ሪሌ እሱም በደንብ ይሠራል። በብዙ ሥዕሎች ላይ 1 ኪሎኦም የምታዩት ለዚህ ነው። በስሌቱ ውስጥ የገባው 5 ቮልት የፒኑ እንጂ የሪሌው እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። ሪሌው የ12 ቮልት ቢሆንና ፒኑ በ5 ቮልት ቢያዝዘው በቅንፉ ውስጥ የሚገባው አሁንም 5 ነው። ፒኑ የ3.3 ቮልት ከሆነ ደግሞ 3.3 ይገባል፤ ሬዚስተሩም ያንሳል። ከሌላ ሰው ሥዕል ሬዚስተር ሲቀዳ በብዛት የሚሳሳተው ይህ ነው።

ያልተቃጠለ ሁሉ ትክክል አይደለም። ለጥንቃቄ ተብሎ 10 ኪሎኦም የገባበትን ሰሌዳ እንመልከት። የቤዙ ከረንት 0.43 ሚሊአምፒር ብቻ ይሆናል። ትራንዚስተሩ ቤታው 200 ከሆነ እስከ 86 ሚሊአምፒር ለማሳለፍ ይችላልና ሪሌው ይሠራል፤ ሠሪው ደስ ብሎት ሁለተኛ ሰሌዳ በዚያው ሥዕል ይሠራል። የሁለተኛው ትራንዚስተር ቤታ ግን 100 ሆኖ ተገኘ። አሁን የሚያልፈው 43 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። በ70 ኦም ሽቦ ላይ ይህ 3 ቮልት ይሆናል። የተለመዱት የ5 ቮልት ሪሌዎች ምላሳቸውን ለመሳብ የሚፈልጉት እስከ 3.75 ቮልት ሊደርስ ስለሚችል በ3 ቮልት አይነሡም፤ ወይም ደካማ ድምፅ አሰምተው ይቀራሉ። ቀሪው 2 ቮልት ትራንዚስተሩ ላይ ስለተንጠለጠለ ሙቀቱ ከ14 ሚሊዋት ወደ 86 ይወጣል። 2N2222 ይህን ይችለዋል። በሪሌው ፈንታ 400 ሚሊአምፒር የሚፈልግ ሞተር ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ግማሽ ክፍትነት ትራንዚስተሩን ይጠብሰው ነበር።

በጣም የሚያደክመው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ጉዳይ ነው። ቤታው 140 የሆነ ትራንዚስተር በዚያው 10 ኪሎኦም ላይ 60 ሚሊአምፒር ያሳልፋል፤ ሪሌው 4.2 ቮልት ያገኝና ይሠራል። በደጋ አገር ማለዳ ላይ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ቤታው ይወርዳል፤ ሪሌው አንድ ቀን ይነሣል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል። ሰውየው ፕሮግራሙን ይመረምራል፣ የሙቀት መለኪያውን ይቀይራል፣ ሪሌውን ይቀይራል። ጥፋቱ ግን በሬዚስተሩ ላይ ባለ አንድ ቀለም መስመር ነው።

ወደ ሌላው ጽንፍ፣ ወደ ማነስ ብንሄድም ገደብ አለ። ቤዙ ከሚያስፈልገው እጅግ በላይ ሲሰጠው ትርፉ ከረንት ውስጡ ተከማችቶ ይቆያል። ስናጠፋው ያ ክምችት እስኪወጣ ኮሌክተሩ ክፍት ሆኖ ይዘገያል። በ2N2222 ይህ መዘግየት 200 ናኖሰከንድ አካባቢ ነው። ምላሱን ለማንቀሳቀስ ብዙ ሚሊሰከንድ ለሚፈጅ ሪሌ ይህ ምንም አይደለም፤ በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ለሚበራና ለሚጠፋ የኃይል ምንጭ ግን ዋና ጉዳይ ይሆናል።

የቤዙ ሬዚስተር የማይሠራቸውን ሁለት ሥራዎችም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ብዙ ጊዜ የእሱ ኃላፊነት ይመስላሉና። ትራንዚስተሩ ሲዘጋ የሪሌው ሽቦ ከረንቱ ድንገት እንዲቆም አይፈቅድም፤ ለማስቀጠል ሲል ኮሌክተሩ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያነሣል። 2N2222A የሚችለው 40 ቮልት ነው፤ ሽቦው ከዚያ በላይ መውጣት አያቅተውም። ይህን የሚያበርደው በሽቦው ሁለት ጫፎች ላይ ተገልብጦ የሚታሰር ዳዮድ ነው፤ 1N4007 ይበቃል። ሁለተኛው፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ገና ሲነሣ ፒኖቹ ለአፍታ ከምንም ጋር ያልተያያዙ ያህል ይሆናሉ፤ በዚያች አፍታ ቤዙ ባለቤት የለውም። ከቤዙ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎኦም ብናስር ቤዙ ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ዜሮ ላይ ይቆያል። ይህ ሬዚስተር ከቤዙ የሚወስደው 0.07 ሚሊአምፒር ብቻ ስለሆነ ስሌታችንን አይነካም።

ሥራው በትክክል መሠራቱን በቴስተር ማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ፤ የ220 ቮልቱን መስመር ነቅላችሁ ሪሌው እንዲበራ እዘዙ፤ ጥቁሩን ዘንግ ኤሚተሩ ላይ አቆዩት። ቀዩን መጀመሪያ ኮሌክተሩ ላይ ብታደርጉ 0.2 ወይም ከዚያ በታች ማንበብ አለባችሁ። 1 ወይም 2 ቮልት ካያችሁ ትራንዚስተሩ ግማሽ ክፍት ነው፤ ሬዚስተሩ በዝቶበታል። ቀጥሎ ቤዙን ለኩ፤ 0.7 ወይም 0.8 ይላል። እዚያ 4 ወይም 5 ቮልት ከታየ በቤዝና በኤሚተር መካከል ያለው ዳዮድ ተበጥሷል ማለት ነውና ትራንዚስተሩ ይጣላል። በመጨረሻ ፒኑን ለኩ። ወደ 5 የተጠጋ መሆን አለበት። ፒኑም እንደ ቤዙ 0.8 አካባቢ ካነበበ በመካከላቸው ሬዚስተር የለም፤ ወይም የተበየደበት ቆርቆሮ ፈስሶ ሁለቱን ጫፎች አገናኝቷል። ሪሌው ጠቅ ቢልም እንኳ ኃይሉን ወዲያው አጥፉ።